ቁልፉ ሲዞር መብራቱ ምን ሆነ?

በኅዳርና በታኅሣሥ ከላላ ላይ የጠዋት ብርድ የሚከብደው ለሰው ብቻ አይደለም። ደጅ ያደረ መኪና ጣሪያው በውርጭ ነጥቶ ይነጋል። ሾፌሩ ጋቢውን እንደለበሰ ገብቶ ቁልፉን ሲያዞር ከኮፈኑ ሥር አንድ «ጠቅ» ይሰማል፣ ከዚያ ዝም። ደግሞ ያዞራል፣ ደግሞ «ጠቅ»። እኔ ልጅ በነበርኩበት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከተማው ውስጥ የሚያድረው መኪና ጥቂት ስለነበር ይህን ድምፅ የሰማ ሁሉ ይሰበሰባል፤ ፍርዱም ወዲያው ይሰጣል። «ባትሪው ሞቷል» ይባላል። ጎረምሳ ይጠራል፣ መኪናው ይገፋል፣ ቁልቁለት ከተገኘ ይነሳል፣ ደሴ ሲደርስ አዲስ ባትሪ ይገዛለታል። ብዙ ሳይቆይ አዲሱም ባትሪ ተገጥሞ ያው «ጠቅ» ይሰማል፤ ያን ጊዜ ግራ መጋባቱ ይብሳል።

የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ እኛ ቤት «አያ» የምንላቸው፣ የመሥሪያ ቤት ሾፌር ነበሩ። የሚነዱት ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ላንድክሩዘር ነበር፤ በዚያ አገር የድንጋይና የጭቃ መንገድ ላይ የሚታመነው እሱ ነው። መካኒክ አልነበሩም። ነገር ግን መካኒክ ካለበት ከተማ ርቆ ለዓመታት የነዳ ሰው የሚያውቀውን ያውቁ ነበር። የቆመ መኪና ዘንድ ሲጠሩ እንደሌላው ኮፈን ለመክፈት አይሮጡም። በመስኮቱ በኩል ቆመው ሾፌሩን አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁታል፦ «ቁልፉ ሲዞር መብራቱ ምን ሆነ?»

ብዙው ሾፌር መልስ አልነበረውም። ሁሉም የሰማው ድምፁን ነው፤ ዓይኑን ዳሽቦርዱ ላይ ያሳረፈ አልነበረም። «እንግዲያው እያየህ አዙር» ይሉታል።

አስተያየታቸው ሥርዓት ነበረው። መጀመሪያ ቁልፉ አንድ ደረጃ ብቻ ይከፈታል፤ ቀዩ የባትሪ ምልክትና የዘይቱ ምልክት ይበራሉ። የናፍጣ ሞተር ከሆነ እዚህ ላይ መታገሥ ያስፈልጋል። ሞተሩን የሚያሞቁት ካንዴሌታዎች ብዙ ከረንት ስለሚበሉ፣ እነሱ በሥራ ላይ እያሉ የዳሽቦርዱ መብራት ባትሪው ጤነኛ ሆኖም ደከም ብሎ ይታያል። ስለዚህ የማሞቂያው ምልክት እስኪጠፋ ይጠበቃል። ከዚያ የፊት መብራቱ ይበራና ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ወይም አጥር ላይ ይታያል። ሰማዩ ከነጋ ደግሞ የቤት ውስጥ አምፖሉ ይበራል። አሁን ቁልፉ እስከ መጨረሻው ይዞራል፣ ዓይን ከመብራቱ አይነሳም።

ከዚህ በኋላ የሚሆነው ከሦስት አንዱ ነው። መብራቱ ምንም ሳይነካው እንደደመቀ ይቆያል፤ ወይም ይደክማል፣ ይቀላል፣ ግን አይጠፋም፤ ወይም ደግሞ ሰው በእጁ እንዳጠፋው ድርግም ይላል። አያ እነዚህን ሦስቱን ሲያብራሩ ስለ ቮልት አይናገሩም ነበር። «ደምቆ ከቆየ ሞተሪኖው ምንም አልጠጣም፤ ከደከመ ጠጥቷል፣ ባትሪው ግን አልቻለውም፤ ድርግም ካለ መንገድ ላይ የሚያግደው አለ» ይሉ ነበር። ኋላ እኔ የመኪና ኤሌክትሪክ ሙያ ይዤ በመሣሪያ ስለካው፣ ይህ አነጋገር የሚታረም ብዙ ነገር አልነበረውም።

ለምን እንደዚያ እንደሚሆን በቁጥር ማየት ይቻላል። የዳሽቦርዱ ምልክቶች ሁሉ ተደምረው የሚወስዱት አንድ ሁለት አምፒር ነው። ሁለቱ የፊት መብራቶች አሥር አምፒር ያህል ይፈልጋሉ። ትልቅ የናፍጣ ሞተር የሚያዞር ሞተሪኖ ግን ከ200 አምፒር በላይ ይወስዳል፤ ገና መዞር በሚጀምርባት ቅጽበት ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ስለዚህ መኪናው ቆሞ ሳለ መብራቱ መድመቁ ባትሪው ሁለት አምፒር መስጠት እንደሚችል እንጂ ሁለት መቶ መስጠት እንደሚችል አይናገርም። «መብራቱ ደህና ነው፣ ባትሪው ደህና ነው ማለት ነው» የሚለው የተለመደ አነጋገር እዚህ ላይ ይወድቃል።

አሁን የባትሪው ራስና ማሰሪያው የሚገናኙበት ቦታ ቆሽሾ 0.04 ኦም የምታህል እንቅፋት ተፈጠረ እንበል። ሁለት አምፒር በእሷ ላይ ሲያልፍ የሚጠፋው 0.08 ቮልት ብቻ ነው፤ ዓይን አያየውም። ለፊት መብራቱ አሥር አምፒር ሲያልፍ የሚጠፋው 0.4 ቮልት ነው፤ ይህም አያስታውቅም። ሞተሪኖው 200 አምፒር ሲጠይቅ ግን እዚያች መገናኛ ላይ ብቻ 8 ቮልት ይቀራል፤ ለሞተሪኖውና ለመብራቱ የሚተርፈው 4 ቮልት ነው። ስለዚህ ሁሉም አንድ ላይ ይወድቃል። በገደል አፋፍ ላይ ያለች ቀጭን መተላለፊያ አንድ መንገደኛን ሳታስቸግር ታሳልፋለች፤ የቅዳሜ ገበያተኛ ከነአህያው ሲመጣባት ግን ወዲያው ትታፈናለች። ጠባብ መሆኗን የሚያሳውቀው የገበያው ቀን ነው፣ ለሞተሪኖ መስመር ደግሞ ቁልፉ የሚዞርባት ቅጽበት።

ድምፁም የራሱን ይናገራል። ሶሌኖይድ የምንለው ሞተሪኖው ላይ የተቀመጠው ትንሹ ሲሊንደር ውስጡ ሁለት የሽቦ ጥቅል አለው፤ አንዱ ብረቱን በኃይል የሚስብ፣ አንዱ ከተሳበ በኋላ ይዞ የሚያቆይ። ብረቱ ሲሳብ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ የሞተሪኖውን ጥርስ ገፍቶ ከሞተሩ ትልቅ ጥርስ ጋር ያገናኛል፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ አንድ የመዳብ ዝርግ ከሁለት የመዳብ እግሮች ጋር አጋጥሞ ከባትሪ የመጣውን ወፍራም ካቦ ወደ ሞተሪኖው ይከፍታል። ባትሪው ከደከመ ወይም መገናኛው ከቆሸሸ፣ መዳቡ ገና ሲነካ ሞተሪኖው መጠጣት ይጀምራል፣ ቮልቱ ይወድቃል፣ ያዡ ጥቅል መያዝ ያቅተዋል፣ ስፕሪንጉ ብረቱን ይመልሰዋል። መዳቡ ሲለያይ ቮልቱ ይመለሳል፣ ብረቱ ደግሞ ይሳባል። «ቀጭቀጭቀጭቀጭ» የሚለው ፈጣን ድምፅ ይህ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ድምፁ ፈጣን ከሆነና መብራቱም አብሮት ከተንቀጠቀጠ፣ ሶሌኖይዱ ሥራውን እየሠራ ነው። መዳቡ ከረንት ባያሳልፍ ኖሮ ቮልቱ አይወድቅም ነበርና። ከስንት አንዴ ያዡ ጥቅል ራሱ ተበጥሶ ይህንኑ ድምፅ ሊሰጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ ግን መብራቱ ይወዛወዛል እንጂ እንዲያ አይወድቅም።

አያ ለሚጠራጠሩት ነገር አንድ መሣሪያ ነበራቸው፤ የኋላ መብራት አምፖል፣ 12 ቮልት 5 ዋት፣ ሁለት ክንድ ያህል ሽቦ በግራና በቀኝ የተበየደለት፣ በሽቦዎቹ ጫፍ ላይ ምስማር የታሰረበት። ከመቀመጫው ሥር በጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጡታል። የቮልት መለኪያ በእጃቸው ይዘው አያውቁም፤ ይህ አምፖል ግን አንዳንድ ጋራዥ ውስጥ ካየሁት አዲስ መለኪያ የበለጠ እውነት ተናግሯል። መለኪያውን የያዘው ሰው የት እንደሚያስቀምጠው ካላወቀ ቁጥሩ አይጠቅመውም።

አንድ የታኅሣሥ ጠዋት ከሌላ ወረዳ የመጣ ላንድክሩዘር ከላላ አድሮ አልነሳም አለ። የጫነው ክትባት ነበር፤ በበረዶ ሣጥን ውስጥ ስላለ ቀኑን ሙሉ ቆሞ መዋል አይችልም። ሾፌሩ አዲስ ባትሪ ከደሴ እንዲላክለት ሰው ሊልክ ተነስቷል። አያ መጡ፣ ጥያቄያቸውን ጠየቁ፣ ሾፌሩም እያየ አዞረ። ዳሽቦርዱ ቦግ ብሎ በርቶ ነበር፤ ቁልፉ ሲዞር አንድ «ጠቅ» ተሰማና ሁሉም ድርግም አለ። ቁልፉ ሲመለስ ቀይ ምልክቶቹ ቀስ ብለው ተመለሱ።

ድርግም ማለት ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ መገናኛው ተዘግቷል ወይም ባትሪው ከውስጥ ፈርሷል። ቆሞ ሲለካ 12.6 ቮልት የሚያሳይ፣ ሲጫኑት ግን እንዳልነበረ የሚሆን ባትሪ አለ፤ በመብራት ብቻ ከቆሸሸ መገናኛ አይለይም። ለዚህ ነው አምፖሉ የወጣው።

ሁለቱን ምስማሮች እኔ ያዝኩ። ማሰሪያው ላይ ሳይሆን በማሰሪያው መሐል ብቅ ባለው በራሱ በእርሳሱ ላይ እንዳስቀምጥ ነገሩኝ። አምፖሉ በራ። «አዙር!» አሉ። «ጠቅ» ሲል ዳሽቦርዱ ጠፋ፤ በእኔ እጅ ያለው አምፖል ግን እንደበራ ቆየ። ባትሪው አለ ማለት ነው፤ ኃይሉ ከእርሳሱ አልወጣም። አምፖሉ ከዳሽቦርዱ ጋር አብሮ ቢጠፋ ኖሮ ጥፋቱ የባትሪው ነበር፣ ሾፌሩም ልክ ነበር።

ቀጥሎ ያደረጉት ያን ጊዜ አልገባኝም፤ ዛሬም ለተማሪ ሳሳየው መጀመሪያ ላይ አይገባውም። አንዱን ምስማር በፖዘቲቩ እርሳስ ላይ፣ ሌላውን እዚያው አጠገቡ በማሰሪያው ብረት ላይ አስቀመጡ። በመካከላቸው ያለው ርቀት የጥፍር ያህል ነው። አምፖሉ አልበራም፤ ቁልፉ ሲዞርም አልበራም። ወደ ኔጋቲቩ ሄዱና እንደዚሁ አደረጉ፤ እርሳሱ ላይ አንዱ፣ ማሰሪያው ላይ ሌላው። ቆሞ ሳለ ጨለማ ነው። «አዙር!» «ጠቅ» ሲል አምፖሉ በራ።

ጤነኛ መገናኛ ላይ እርሳሱና ማሰሪያው አንድ አካል ናቸው፤ በመካከላቸው የቮልት ልዩነት የለም፣ አምፖልም የሚያበራው ነገር የለም። ሞተሪኖው ሲጠይቅ እዚያ መካከል ላይ አምፖል የሚያበራ ቮልት ከተገኘ፣ ሞተሪኖው ጋ መድረስ የነበረበት ኃይል እዚያ ቀርቷል ማለት ነው። በመለኪያ ሲሆን ሕጉ ቀላል ነው፤ ቁልፉ ሲዞር በእርሳስና በማሰሪያ መካከል የሚታየው ከ0.1 እስከ 0.2 ቮልት ካለፈ ይፈታና ይጠረጋል። አምስት ዋት አምፖል የሚያበራ ከሆነ ግን ነገሩ ከዚያ እጅግ አልፏል።

ማሰሪያው በ10 ቁጥር ቁልፍ ተፈታ። ከውጭ ሲታይ ንጹሕ ነበር፤ ሰው ሁሉ የሚፈልገው ነጭና አረንጓዴ ዱቄት አልነበረበትም። ውስጡ ግን እርሳሱን በሚያቅፍበት ግድግዳ ላይ ጥቁር ግራጫ ሽፋን ይዟል። ይህን ዛሬም ደጋግሜ አየዋለሁ፤ ከላይ የተከመረው ዱቄት አንዳንዴ ምንም አያግድም፣ የማይታየው ስስ ሽፋን ግን መኪና ያቆማል። አያ በካራ ሁለቱንም ፋቁ፣ የእርሳሱ ብርማ መልክ እስኪታይ ድረስ። ከዚያ መልሰው አሰሩ፣ ማሰሪያው በእጅ ሲነቀነቅ እንዳይዞር አጥብቀው፣ መጨረሻ ላይ ብቻ ከላይ ግራሶ ቀቡት። ግራሶ አስቀድሞ መካከል ላይ የሚቀባ አለ፤ ተገቢ ቦታው ብረት ከብረት ከተገናኘ በኋላ ከውጭ ነው።

ላንድክሩዘሩ በመጀመሪያው ዙር ተነሳ። ክትባቱም ሄደ።

አንድ ነገር በዚያው ቀን አስጠንቅቀውኛል፣ እኔም ለሌሎች እላለሁ። ባትሪ ሲፈታ መጀመሪያ የሚፈታው ኔጋቲቩ ነው፣ ሲታሰር መጨረሻ የሚታሰረው እሱ ነው። ፖዘቲቩን በሚፈታ ቁልፍ የመኪናው አካል በስህተት ቢነካ ኔጋቲቩ ከታሰረ እሳት ይሆናል፤ ከተፈታ ምንም አይሆንም። ቻርጅ ሲደረግ የቆየ ባትሪ የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚያወጣ፣ ከሌላ መኪና በካቦ ሲነሳም የመጨረሻው ንክሻ በባትሪው ላይ ሳይሆን ራቅ ብሎ በሞተሩ ብረት ላይ ይሁን።

መብራቱ ሲደክም ግን ሳይጠፋ ሲቀር አያ ለብርዱ ድርሻውን ይሰጡ ነበር። ብርድ ሁለት ጊዜ ይመታል፤ ባትሪው የሚሰጠውን ይቀንሳል፣ ዘይቱን አወፍሮ ሞተሩ የሚፈልገውን ይጨምራል። ሙሉ ባትሪ ካረፈ በኋላ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፣ ግማሽ የሆነ 12.2፣ ሊያልቅ የደረሰ 12.0። 12.2 ያለው ባትሪ ከሰዓት በኋላ በፀሐይ ያስነሳል፤ በነጋታው ጠዋት በውርጭ «ጠቅ» ይላል። ይህ የባትሪ ሞት አይደለም፣ ረሃብ ነው። ቺንጊያው ላልቶ ዲናሞው በደንብ አይዞር ይሆናል፣ ወይም የባትሪው ውሃ ጎድሎ ይሆናል። ከተነሳ በኋላ ሞተሩ እየሠራ በባትሪው ላይ 14 ቮልት አካባቢ ካልታየ አዲስ ባትሪ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። በሌላ በኩል በሚያስነሣበት ቅጽበት ሙሉ የተባለው ባትሪ ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ መለወጥ አለበት። አንዳንዴም ባትሪው ጤነኛ ሆኖ መብራቱ በጣም ይደክማል፣ ድምፁም አንድ ከባድ «ቋ» ይሆናል፤ የሞተሪኖው ጥርስ ተሰንቅሮ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ቁልፉ ይዘጋና መኪናው በትልቅ ማርሽ ላይ ሆኖ ወደ ኋላና ወደ ፊት ይነቀነቃል፤ ከተለቀቀ ይነሳል።

የቀረው፣ መብራቱ ደምቆ የሚቆይበት፣ ያጋጠመው አያ ራሳቸው በሚነዱት መኪና ነው። ክረምት ነበር። ቁልፉ ሲዞር አንድ ጠንካራ «ቋ» ይሰማል፣ አጥሩ ላይ ያረፈው የፊት መብራት ግን አይንቀሳቀስም። ቁልፉን ደጋግመው ሲያዞሩ አንዱ ይይዝና ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ይነሳል። በማግስቱ ያው ነው። ባትሪው የደከመ ቢሆን ኖሮ በተዞረ ቁጥር ይብስበት ነበር እንጂ ድንገት በሙሉ ኃይል አይነሳም ነበር። ይህ ልዩነት ብቻውን ብዙ ይናገራል።

ከፊትና ከኋላ ጎማ ሥር ድንጋይ አስገቡ፣ ማርሹ ነፃ መሆኑን በእጃቸው አረጋገጡ፣ ከዚያ አምፖላቸውን ይዘው ከሥር ገቡ። እኔ ቁልፉን ይዣለሁ። ሶሌኖይዱ ላይ ሁለት ትልልቅ ቡሎኖች አሉ፤ አንዱ ከባትሪ የመጣውን ወፍራም ካቦ ይቀበላል፣ ሌላው ወደ ሞተሪኖው ያስገባል። አንዱን ምስማር ሞተሩ ብረት ላይ አድርገው ሌላውን ባትሪው በመጣበት ቡሎን ላይ ሲያስቀምጡ አምፖሉ ደምቆ በራ፤ ኃይሉ እስከዚያ ደርሷል። ወደ ሁለተኛው ቡሎን አዛወሩና «አዙር» አሉ። አዞርኩ። «ቋ» አለ። «ደግመህ!» «ቋ»። አምፖሉ አልበራም። ኃይሉ አንደኛው በር ላይ ቆሟል፣ በሁለተኛው አይወጣም፤ በመካከላቸው ያለው መዳብ ተበልቷል። አምፖሉ በርቶ ሞተሪኖው ባይዞር ኖሮ ጥፋቱ ከሞተሪኖው ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ ከካርቦኑ ነበር።

በሞተሪኖው ጀርባ ላይ በመዶሻ መምታት የብዙ ሾፌር መድኃኒት ነው። የተጣበቀ ካርቦን አንዳንዴ ስለሚላቀቅ አንድ ጊዜ ይሠራል። አያ ግን አይወዱትም ነበር፤ ምክንያቱን በኋላ ነው ያወቅሁት። በአንዳንድ ሞተሪኖ ውስጥ በሽቦ ጥቅል ፋንታ ማግኔት ተለጥፏል፤ በመዶሻ ሲመታ ይሰነጠቃል፣ ያን ጊዜ በእውነትም አዲስ ሞተሪኖ መግዛት ይመጣል።

ቁልፉን ደጋግመው አዙረው አስነሱና ሳያጠፉ ነድተው መካነ ሰላም ገቡ። መካኒኩ ሞተሪኖውን አወረደ። የዚህ ዓይነት የጃፓን ሞተሪኖ ሶሌኖይድ ከኋላው በሦስት ትንንሽ ቡሎን የተያዘ ክዳን አለው፤ ክዳኑ ሲነሳ ክቡ የመዳብ ዝርግና ሁለቱ የመዳብ እግሮች ወለል ብለው ይታያሉ። ከባትሪው በኩል ያለው እግር ዝርጉ የሚያርፍበት ቦታ ተቃጥሎ ጎድጉዷል፤ ዝርጉ ሌላውን እግር ነክቶ ይህንን መንካት ተስኖታል። አንዳንዴ የተነሳው ብረቱ ሲያርፍ ትንሽ ዘንበል ብሎ ያልተበላውን ጠርዝ ሲያገኝ ነው። መካኒኩ ከሌላ የተጣለ ሞተሪኖ የተረፈ እግር አወጣ፣ ዝርጉን በወረቀት ሞረድ አስተካከለ፣ ገጠመው። በዚያን ቀን የተገዛ አዲስ ዕቃ አልነበረም። ዛሬም ይህች የመዳብ እግር ለብቻዋ ስትሸጥ ዋጋዋ ከሙሉ ሞተሪኖ ጋር አይወዳደርም፤ ያም ሆኖ በእሷ ምክንያት ሙሉ ሞተሪኖ የሚያስገዙ ጋራዦች አሉ። ይህ ያሳዝነኛል፤ ባለመኪናው መብራቱን አይቶ፣ አንድ አምፖል ይዞ ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚገዛ ያውቅ ነበር።

መብራቱ ደምቆ ሳለ ሶሌኖይዱን ከመክሰስ በፊት አንድ ሌላ ቦታ መታየት አለበት፤ የሞተሩ ማሳ። በብዙ መኪና ከባትሪው ኔጋቲቭ አንድ ካቦ ወደ ሞተሩ፣ ሌላ ወደ መኪናው አካል ይሄዳል። የሞተሩ ከተበላ ዳሽቦርዱ በአካሉ በኩል ስለሚመለስ ምንም አይነካውም፣ ሞተሪኖው ግን መመለሻ ያጣል። ያንኑ አምፖል በባትሪው ኔጋቲቭ እርሳስና በሞተሩ ብረት መካከል አድርጎ ቁልፍ ማዞር ነው፤ ከበራ ማሳው ነው። «ጠቅ» የሚል ድምፅ ጨርሶ ከሌለና መብራቱ ደምቆ ከቆየ ደግሞ ወደ ሶሌኖይዱ የሚመጣው ቀጭኑ ሽቦ፣ ሪሌው ወይም የቁልፉ መክፈቻ ይታያል፤ እሱ የሌላ ቀን ወሬ ነው።

የከተማው ሽማግሌዎች መኪና ለማስነሳት ይህ ሁሉ ጣጣ ሲያዩ ማኖቬላን ያነሱ ነበር። በልጅነታቸው ያዩት ላንድሮቨር ከፊቱ ማኖቬላ ይገባለትና በክንድ ይዞር ነበር፤ በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ የመጣው የመጀመሪያው መኪናም በክንድ የሚነሳበት ዘመን መኪና ነው። ኤሌክትሪክ ሞተሪኖ በካዲላክ ላይ ለገበያ የወጣው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1912 ነው። ትልቅ የናፍጣ ሞተር ግን በክንድ አይሞከርም።

ዛሬ የዳሽቦርዱ መብራት ራሱ ተለውጧል። አዳዲሶቹ መኪኖች በአምፖል ፋንታ ኤል ኢ ዲ አላቸው፤ ቮልቱ እየወረደ እንኳ እንደደመቁ ቆይተው ድንገት ይጠፋሉ፣ አንዳንዱም ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ምልክቱን ሁሉ ያርገበግባል። ከእነሱ ላይ ድካምን ማንበብ ያሳስታል። የቤት ውስጡ አምፖል ወይም የፊት መብራቱ ባለ ክር ከሆነ እሱ ይታይ፤ እሱም ኤል ኢ ዲ ከሆነ ያ አምስት ዋት አምፖል በእርሳሱ ላይ ይቀመጥ።

ባለፈው ታኅሣሥ ወግዲ ላይ አይሱዙ የሚነዳ የአክስቴ ልጅ ደውሎልኝ ነበር። «ጠቅ ጠቅ ብቻ ነው፣ መብራቱ ይደክማል» አለኝ። ማሰሪያዎቹን ፍቆ አጥብቋል። አይሱዙው 24 ቮልት ነው፤ ሁለት ባለ 12 ባትሪዎች ተከታትለው ታስረውበታል፣ ስለዚህ ከሁለቱ አንዱ ሲደክም ሁለቱም የደከሙ ይመስላል። አምፖሉን በሁለቱ ዳርና ዳር ላይ እንዳያደርግ፣ ካደረገ እንደሚቃጠል ነገርኩት፤ በየባትሪው ለየብቻ በራሱ እርሳሶች ላይ አድርጎ ረዳቱ ቁልፍ እንዲያዞር አልኩት። ስልኩን ሳይዘጋ ሠራው። በፊተኛው ላይ አምፖሉ እንደበራ ቆየ፤ በኋለኛው ላይ ድርግም አለ። ሁለቱንም አንድ ላይ እንዲለውጥ መከርኩት፤ ተከታትለው የታሰሩ ባትሪዎች አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ሲሆኑ ዲናሞው እኩል አይሞላቸውም፣ ብዙ ጊዜ አንዱ ከመጠን በላይ ሲሞላ ሌላው ሳይሞላ ይቀራል። ገንዘቡ ለአንድ ብቻ ነበር የሚበቃው። ከቆመ ሌላ አይሱዙ ላይ ከፊተኛው ጋር በአንድ ጊዜ የተገዛ ባትሪ ስላገኘ፣ በዚያው አምፖል ፈትሾ እሱን ገጠመ፤ ጭነቱን ይዞ ወጣ።